ስልሳ አንድ ገጽ በአንድ ገጽ

በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ወርክሾፕ ውስጥ ሁሉም «እትዬ ሽቦ» ይሏታል። የተቃጠለ ሞተር ሆዱን ከፍታ፣ ያረረውን ሽቦ መዝዛ አውጥታ፣ አዲሱን በልክ ጠቅልላ የምትመልስ እሷ ናት። ሃያ አንድ ዓመት እዚያው ሠርታለች። በእጇ ያለፈ ሞተር ባመቱ ተመልሶ ሲመጣ አየሁ የሚል ካለ ይምጣና ይናገር፤ እስካሁን የመጣ የለም። እንዲህ ያለች ባለሙያ ግን አንዲት ወረቀት አጥታ ዓለም ጠቦባት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋብሪካው የደረጃ ምስክር ወረቀት የሌለው ሰው ከወርክሾፕ ይውጣ የሚል መመሪያ አወጣ። የደረጃውን ፈተና የማያልፉት ወደ ጽዳት ክፍል ይዛወራሉ፤ የስም ዝርዝሩም አርብ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ይገባል። እትዬ ሽቦ የተግባሩን ፈተና ድሮ አልፋለች። የጽሑፉን ግን ሁለት ጊዜ ወድቃለች፤ ሦስተኛው የመጨረሻው ነው፣ አራተኛ የሚባል የለም። ጽዳትን አትንቅም፤ እናቷም በጽዳት ነው ያሳደገቻት። ግን የጠቀለለቻቸው ሞተሮች በሚጮሁበት አዳራሽ መጥረጊያ ይዛ፣ ሲበላሹ ሌላ ሰው ሲነካካቸው እያየች ማለፉን ልታስበው አትችልም። ለልጇም ይኼን አልደበቀችም። «እዚያ ከምጠርግ ብሞት ይሻለኛል» ብላ፣ ወዲያው ደግሞ በልጅ ፊት እንዲህ ማለቷ ቆጫት።

ፈተናውን የሚሰጠው ማሠልጠኛ ተቋም በዚህ ዓመት ለተፈታኞች አንድ ነገር ፈቀደላቸው። እያንዳንዱ አንድ ወረቀት፣ በአንድ ፊቱ ብቻ፣ በእጁ አዘጋጅቶ ይዞ መግባት ይችላል። በወረቀቱ ላይ የሚፈቀደው የሰርኪት ሥዕል፣ ምልክትና ስሙ፣ የተለመደው መጠን፣ ይኸው ነው። ዓረፍተ ነገር አይቻልም፤ ፎርሙላ አይቻልም። ሰኞ አስረክበው ረቡዕ ጠዋት ይፈተናሉ።

የተቋሙ መምህር ሐሙስ ዕለት ሙሉውን ትምህርት በአምስት ሰዓት ከልሶላቸው ነበር። እትዬ ሽቦ ሁለት ጊዜ የወደቀ ሰው እንደሚያደርገው አንዲት ቃል እንዳታመልጠኝ ብላ ስትጽፍ ዋለች። ስልሳ አንድ ገጽ ሆነ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ከልጇ ጋር ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ሲያዩት «መስኮቱን ዝጉት፣ አቧራ ገባ» የሚለው ሳይቀር ተጽፎ ተገኘ። ልጅቷ በሳቅ ፈነዳች። እናትየዋ ግን መሳቅ አቃታት። ስልሳ አንድ ገጽ በአንድ ገጽ ማስገባት ማለት ስልሳውን መጣል ማለት ነው፤ የትኛውን ነው የሚጥሉት?

ሦስት ወረቀት ተበላሽቶ በአራተኛው መስመር ያዘች። ከላይ በግራ ጥግ የአሥራ ሁለት ቮልት ባትሪ ሳለች፤ ከሱ ቀጥላ አንድ ኪሎ ኦህምና ሁለት ኪሎ ኦህም ሬዚስተሮች አከታትላ፣ በአንዱ ላይ አራት ቮልት በሌላው ላይ ስምንት አሰፈረች። ከጎኑ ትንሿ መብራት፣ ሁለት ቮልትና አሥር ሚሊአምፒር፣ ከፊቷ አንድ ኪሎ ኦህም። መሀል ላይ ሁለት መቶ ሃያውን ወደ አሥራ ሁለት የሚያወርደው ትራንስፎርመር፣ አራቱ ዳዮዶች እያንዳንዳቸው ዜሮ ነጥብ ሰባት ቮልት እየበሉ፣ መጨረሻቸው ላይ አንድ ሺህ ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ የመደመር ምልክቱ በየትኛው እግር እንደሆነ ጭምር። ከታች ደግሞ ሁለት ጊዜ የጣላት ጉድ መጣ፤ ሬዚስተርና ኮይል ተከታትለው በተለዋዋጭ ከረንት ላይ ሲቀመጡ የሚወጣው ሦስት ማዕዘን። ሠላሳ ኦህም፣ አርባ ኦህም፣ ሁለቱ በማዕዘን ተደምረው ሃምሳ ኦህም፣ ፓወር ፋክተሩ ዜሮ ነጥብ ስድስት። ከኮይሉ ምልክት ሥር መቶ ሃያ ሰባት ሚሊሄንሪ፣ ሃምሳ ሄርትዝ። ሦስት ማዕዘኑ ቀጥ ብሎ አልገባ ሲላት በጎኑ አስተኛችውና ጥጉ ላይ ሸጎጠችው።

የየቁጥሩን ስም መጻፊያ ቦታ ግን ጠፋ። እዚህ ላይ ነው የወርክሾፕ ሰው መሆኗ የጎዳት። ወርክሾፕ ውስጥ ሽቦ ላይ የታሰረ ቁጥርና ስም ዘይት ሲነካው ይጠፋል፤ የሚቀረው ቀለም ነው። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ሽቦን በቀለሙ ስትጠራው ኖራለች። ስለዚህ በየቁጥሩ ጎን ስም ከመጻፍ ይልቅ የልጇን ባለቀለም እርሳሶች ተቀበለች። ሬዚስተር የሆነ ሁሉ ቀይ፣ የኮይሉ አረንጓዴ፣ ጠቅላላው ሰማያዊ፣ ማዕዘኑ ደግሞ ቢጫ። ታች ጥግ ላይ አራት ነጥብ በአራት ቀለም አስቀምጣ ከየነጥቡ ፊት ስሙን አንዴ ጻፈች፤ በዚህም የወረቀቱን ሲሶ ቦታ አተረፈች።

ልጅቷ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፣ ነገር አይገባኝም የምትል ዓይነት አይደለችም። «እማ፣ እንደው በየሥዕሉ ላይ ስማቸውን ብትጽፊ?» አለቻት።

«ቦታ ይበላል። ቀለሙ እኮ ራሱ ይናገራል።»

ልጅቷም አልገፋችበትም። ወረቀቱም ደግሞ እውነቱን ለመናገር ዓይን የሚስብ ሆኖ ነበር። ሰኞ ስታስረክብ የተቋሙ ጸሐፊ አንስታ አየችውና «ምንጣፍ መሰለ እኮ» ብላ አደነቀችላት። አድንቃም ከሌሎቹ ጋር ደረበችው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ በአራተኛ ቁጥር ላይ አንድ ነገር ይል ነበር፤ በእርሳስ በስሱ የተደበቀ ጽሑፍ ይዞ የሚገባ እንዳይኖር ዋናው ወረቀት ቢሮ ይቀራል፣ ለተፈታኙ የሚሰጠው ማኅተም ያረፈበት ፎቶ ኮፒ ነው። እትዬ ሽቦ እስከ ሁለተኛው ቁጥር ድረስ አንብባ፣ የሚበቃኝን አውቄአለሁ ብላ ነበር የሄደችው።

ረቡዕ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አዳራሽ ገቡ። ከአጠገቧ የተቀመጠው ቶሎ ስለሚግል ጓደኞቹ «ፊውዝ» የሚሉት የዳቦ ፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ነው። መምህሩ በየጠረጴዛው እየዞረ ወረቀቶቹን በስም አደለ። እትዬ ሽቦ የራሷን ተቀበለች፤ አየችው፤ የሰው ነው ብላ መለሰችለት። እሱም ላዩ ላይ ያለውን ስሟን በጣቱ አሳያት።

የሷ ነው። ግን ግራጫ ነው። ቀዩም፣ አረንጓዴውም፣ ሰማያዊውም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነዋል። ታች ጥግ ላይ ያሉት ነጥቦች ሦስት አንድ ዓይነት ነጥቦች ናቸው። አራተኛው ነጥብ የለም፤ ቢጫውን ማሽኑ ጭራሽ አላየውም። ስሙ ብቻ ባዶ ቦታ ፊት ቆሟል።

ወሽመጧ ብጥስ አለ። መምህሩን ጠርታ በሹክሹክታ ዋናውን ወረቀት እንዲያመጣላት ለመነችው። ቢሮ ተቆልፏል፣ ቢከፈትም ደንብ አይፈቅድም አላት። ቢያንስ በእስክሪብቶ ስማቸውን ልጻፍበት አለችው። ማኅተም ባረፈበት ላይ እስክሪብቶ ካረፈ ወረቀቱ ይነጠቃል፣ ተፈታኙም ይወጣል ብሎ አዝኖ መለሰላት። ማዘኑ ከፊቱ ይታይ ነበር፤ ለሷ ግን ምን ይጠቅማታል? ጥያቄው ታደለ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ጥያቄዎች እንደምንም ሄዱላት። ባትሪና ሁለት ሬዚስተር ላይ ቀለም ባይኖርም አራትና ስምንት አሥራ ሁለት እንደሚሆኑ ሕፃንም ያውቃል። የዳዮዶቹ ሥዕል ደግሞ በቅርጹ ይታወቃል። ሦስተኛው ላይ የከረንቱን አቅጣጫ የሚያሳዩት ቀስቶች ተምታተውባት ግማሹን ትታ አለፈች። አራተኛው ጥያቄ ግን ያው የድሮ ጠላቷ ነበር። የሞተር ኮይል ሃያ አራት ኦህም ሬዚስታንስ፣ ሠላሳ ሁለት ኦህም ሪአክታንስ፣ ማለትም የኮይሉ ድርሻ፣ አለው፤ በሁለት መቶ ቮልት ላይ ተገናኝቷል፤ ከረንቱንና ፓወር ፋክተሩን አውጡ ይላል። ሃያ አምስት ነጥብ።

ጠቅላላው ለመውጣት አላስቸገራትም፤ አርባ ኦህም። ከረንቱም አምስት አምፒር። ፓወር ፋክተር ግን ከአጫጭሮቹ ጎኖች አንዱ ለረጅሙ ሲካፈል ነው። የትኛው? የሬዚስተሩ ነው ወይስ የኮይሉ? ያለፉትን ሁለት ጊዜያት የወደቀችው እዚህችው ላይ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ገልብጣ። ወረቀቱን የሠራችው ለዚህች ጉዳይ ስትል ነበር ማለት ይቻላል። አሁን ወረቀቱ ላይ ያለው በጎኑ የተኛ ግራጫ ሦስት ማዕዘን ነው። ሠላሳ፣ አርባ፣ ሃምሳ። ማዕዘኑን የሚያሳየው ቢጫ ቅስት ጠፍቷል። መምህሩ ሁልጊዜ ሬዚስተሩን ከታች አጋድሞ ነበር የሚስለው፤ እሷ ግን ቦታ ለመቆጠብ አዙራዋለችና አሁን የታችኛው ጎን የትኛው እንደነበር ፈጣሪ ይወቀው።

ከምትገምት ብትተወው ይሻል ይሆን? ብትተወው ደግሞ መጥረጊያው አለ። ፊውዝ ከጎኗ እየጻፈ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ስም በስም ላይ ተደርቦ ከሩቅ ይነበባል። ዓይኗ ወደዚያ ሄደ። ከዚያ አንገቷን እንደተመታ ሰው መልሳ ደፋች። ሃያ አንድ ዓመት የሰው ሥራ አይታ አታውቅም፤ አሁን ልትጀምር ነው? ለልጇስ ምን ብላ ትናገራለች?

ወረቀቷን ወደ ፊቷ ስባ፣ ጥያቄው ግርጌ ላይ አሳርፋ፣ ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ ማየት ጀመረች። ቀለሙ ሄዷል፤ ቁጥሮቹ ግን አሉ። ቁጥሮቹን አምጥታ የጻፈቻቸው ዝም ብላ አይደለም፣ እርስ በርሳቸው እንዲስማሙ መርጣ ነው። ከኮይሉ ምልክት ሥር መቶ ሃያ ሰባት ሚሊሄንሪ አለ። ምልክቱ ደግሞ ቀለም አያስፈልገውም፤ የተጠማዘዘ ሽቦ ማንም ያውቀዋል። ከሱ ጎን ሃምሳ ሄርትዝ። መምህሩ በሃምሳ ሄርትዝ ላይ የኮይሉ ኦህም ሄንሪው በሦስት መቶ አሥራ አራት ሲባዛ ነው፣ አትርሱ እያለ ጆሯቸውን አደንቁሮት ነበር። ሦስት መቶ አሥራ አራትን በዜሮ ነጥብ አንድ ሁለት ሰባት አባዛችው። መጀመሪያ ተሳሳተች፤ ሠርዛ እንደገና አባዛች። ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ ሆነ።

አርባ ማለት ነው። አርባው የኮይሉ ነው፤ እንግዲያው ሠላሳው የሬዚስተሩ ነው። ከሦስት ማዕዘኑ አጠገብ የተጻፈው ደግሞ ዜሮ ነጥብ ስድስት ነው። አርባን ለሃምሳ ብታካፍል ዜሮ ነጥብ ስምንት ይመጣል፤ ሠላሳን ለሃምሳ ብታካፍል ዜሮ ነጥብ ስድስት። የሬዚስተሩ ለጠቅላላው! ሃያ አራት ለአርባ፣ ዜሮ ነጥብ ስድስት። ጻፈችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ሁለት ጊዜ የጣላትን ነገር ዛሬ ማንም ሳይነግራት በገዛ እጇ አወጣችው። ደስታዋ ግን አፍታም አልቆየ፤ ሰዓቱን ስታይ ለአንዲት ጥያቄ ሃምሳ ደቂቃ ፈጅታለች።

አምስተኛው የካፓሲተር ነበር። አሥር ኪሎ ኦህምና መቶ ማይክሮፋራድ፣ አንድ ሴኮንድ መሆኑን ጽፋ፣ ከዚያ በኋላ ስንት እንደሚሞላ እያሰበች ሳለ ደወሉ ተደወለ። መምህሩ መጥቶ ሁለቱንም ወረቀት ከፊቷ አነሣ።

ደጅ ሲወጡ ፊውዝ ፊቱ በርቷል። ሌላው ሁሉ ቢቀር የመጨረሻዋ ጥያቄ ስጦታ ነበረች፣ አሥራ አምስት ነጥብ በነጻ አለ። እትዬ ሽቦ የካፓሲተሩ የቱ ጋ ነው ስጦታነቱ አለችው። እሱም ካፓሲተር አይደለም፣ ከጀርባው ያለችው ስድስተኛዋ አላት፤ የሦስት ፌዝ ሞተር ጥቅል መቃጠሉን በምን በምን ትመረምራላችሁ የምትለው። «አንቺማ ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው የምትሠሪያት» ብሎ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። ወረቀቱን ገልብጣ አላየችውም። ግርጌው ላይ «ገልብጥ» የምትል ትንሽ ቀስት ነበረች አሉ፤ ሌሎቹ ሁሉ አይተዋታል። እሷ ግን ግራጫ ወረቀቷን እዚያ ግርጌ ላይ አሳርፋ እስከ ደወሉ ድረስ አላነሣችውም። ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ፊውዝ ነገሩ ሲገባው ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ፤ ትከሻዋን ነካ አድርጓት ሄደ።

አርብ ጠዋት ውጤት ተለጠፈ። ማለፊያው ሃምሳ ነው። እሷ አርባ ስድስት።

አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ቀጥ ብላ ወደ መምህሩ ክፍል ሄደች። ከሷ በዕድሜ ያንሳል፤ ስትገባ ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበላት። ወረቀቷ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ዋናው፣ ባለቀለሙ። ለሚቀጥለው ዙር ተማሪዎች ማሳያ እንዲሆን ከሁሉም መርጦት እንደነበረ ነገራት፤ የአምስት ሰዓት ትምህርት እንዲህ ተጣርቶ አይቼ አላውቅም አለ። እሷ የመጣችው ለምስጋና አልነበረም።

«መምህር፣ ጀርባውን አላየሁትም» አለችው። «አላውቀውም ብዬ አይደለም የተውኩት። አላየሁትም።»

እሱም እንዳወቀ ነገራት። ሲያርም ባዶውን ገጽ ሁለት ጊዜ አገላብጦ አይቶታል። ግን ባልተጻፈ ነገር ነጥብ መስጠት አይችልም፤ ሄዶም ኃላፊውን አናግሮ ነበር፣ እምቢ ብሎታል። ከዚያ «እስቲ ግን ንገሪኝ፣ እትዬ» አላት። «ስድስተኛውን።»

እሷም ቆማ ነገረችው። መጀመሪያ መስመሩን ታጠፋለህ፣ መጥፋቱን በመለኪያ ታረጋግጣለህ። የሞተሩን ሳጥን ከፍተህ ሦስቱን ጥቅሎች የሚያገናኙትን ጠፍጣፋ መዳቦች ትፈታለህ፤ ካልፈታህ አንዱን ስትለካ ሌላው እየገባ ያታልልሃል። ከዚያ ሦስቱን በየተራ ትለካለህ፤ የመለኪያውን ገመድ የራሱን ኦህም መቀነስ አትርሳ። ስድስት፣ ስድስት፣ ስድስት ቢሉህ ደኅና ነው። አንዱ አራት ቢልህ ውስጡ ሽቦ ከሽቦ ተላጦ ተገናኝቷል፤ ጭራሽ ካልነበበልህ ተበጥሷል። ቀጥለህ በአምስት መቶ ቮልት መለኪያው እያንዳንዱን ጥቅል ከሞተሩ አካል ጋር፣ ኋላም እርስ በርሳቸው ትለካቸዋለህ፤ ከአንድ ሜጋ ኦህም ከወረደ አትነካካው፣ አድርቀው ወይ እንደገና ጠቅልለው። «አንዳንዴ ደግሞ ሦስቱም እኩል ያነባሉ፤ ሞተሩ ግን ይግላል» አለችው። «ያኔ ያለ ሥራ አስነሥተህ የሦስቱንም መስመር ከረንት አስተያያቸው። ጥቂት ዙር ብቻ ከተቃጠለ በኦህም አይያዝም።»

መምህሩ የመጨረሻውን ነገር በትምህርቱ ላይ አላስተማረውም ነበር። እስክሪብቶውን አንሥቶ ማስታወሻው ላይ አሰፈረው።

«አሥራ አምስት ከአሥራ አምስት» አላት።

ይኼ ነጥብ ግን ከዚያ ክፍል አይወጣም። ባለቀለሙን ወረቀት አንሥቶ ለተማሪዎቹ ላባዛው ወይ ብሎ ፈቃድ ጠየቃት። እስክሪብቶውን ከእጁ ተቀበለችው። ጎንበስ ብላ በየቁጥሩ ጎን፣ በጠባቧ ቦታ፣ በደቃቁ ስማቸውን እየጻፈች ሄደች፤ ሬዚስተር፣ ኮይል፣ ጠቅላላ፣ ማዕዘን። ለካ ቦታው ነበረ። ስትጨርስ መለሰችለትና ዝርዝሩ ከመግባቱ በፊት ለወርክሾፑ ኃላፊ ለፎርማኑ መውደቋን በራሷ አፍ ልትነግረው ወደ ፋብሪካው ሄደች።